አዲስ ሬስቶራንት ሲመረቅ ባለሆቴሉ ምን ይበል? የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አዘገጃጀት

ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የሆቴል ባለቤት አስጠሩኝ። ሆቴላቸው 14 ዓመት የቆየ ነው። ጎኑ ላይ አዲስ ሬስቶራንት አሠርተው ጨርሰዋል። ምረቃው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የተጠራሁት መድረክ እንድመራ ነበር። ሻይ ቀርቦልን ቁጭ እንዳልን ግን «ልጄ፣ መድረኩን አንተ ትመራዋለህ። እኔ ምን ልበል? የጨነቀኝ እሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው ሦስት ገጽ ወረቀት አወጡ። የወንድማቸው ልጅ ጽፎላቸው ነው።

አነበብኩት። «ሀገራችን በቱሪዝም ዘርፍ ያላት እምቅ ሀብት» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ነው። ሬስቶራንቱ የሚነሳው ሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያም «ዘመናዊና ደረጃውን የጠበቀ» ከማለት በቀር ምንም የለም። ምን ይበላል? በየት በኩል ይገባል? እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው? አንዱም አልተጻፈም።

ያንን ወረቀት አስቀምጠን ሌላ ጻፍን። እንዴት እንደሠራነው ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። ሆቴላችሁ ሌላ ከተማ ቢሆንም መንገዱ ያው ነው።

1. ከመጻፋችሁ በፊት አንዷን ነገር ፈልጉ

የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እትዬ፣ ድሮም ምግብ ቤት ነበራችሁ አይደል? ታዲያ ይሄኛው ለምን አስፈለገ?» የሚል ነበር። «ነበረን» አሉ። «ግን የሚበላው አልጋ የያዘው እንግዳ ነው። የሰፈር ሰው አይገባም።» ለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም።

ስለዚህ ተነስተን በር ላይ ያለውን ዘበኛ ጠየቅነው። ባለሆቴሎች ብዙ ጊዜ ዘበኛን አይጠይቁም። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ የማይናገረውን በር ላይ ይናገራል። ዘበኛው ሳያቅማማ መለሰ፦ «እዚህ ለመብላት አልጋ መያዝ አለብን ወይ? ብለው ይጠይቁኛል።» ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ ጠየቅን። «ሪሴፕሽኑን አቋርጦ መግባት ያሳፍራል፤ ደግሞ ሆቴል ነው፣ ውድ ነው ይላሉ» አለን።

ንግግሩ እዚያው ተገኘ። አዲሱ ሬስቶራንት በቀጥታ ወደ መንገድ የሚወጣ የራሱ በር አለው። የከተማው ሰው መስማት ያለበት ይህንን ነው። ስለ ቱሪዝም ማንም የሆቴል ባለቤት ሊናገር ይችላል። ስለ አዲሱ በር ግን ሊናገሩ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የእናንተ ነገር ሌላ ሊሆን ይችላል። ምናልባት ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበራችሁም። ምናልባት የጾም ምግብ ዓመቱን ሙሉ ልትጀምሩ ነው። የምትፈትኑበት መንገድ ቀላል ነው። ወረቀት ላይ «ከዛሬ ጀምሮ...» ብላችሁ ጻፉና ዓረፍተ ነገሩን ጨርሱት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ለመብላት አልጋ መያዝ አያስፈልግም» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ንግግር አላችሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን» ብሎ ካለቀ ገና አላገኛችሁትም። ተመልሳችሁ ዘበኛውን ጠይቁ።

ይህ ሲታወቅ ሌላውም ነገር ቦታ ይይዛል። ለምሳሌ ሪባኑ መጀመሪያ የታሰበው የሆቴሉ ዋና በር ላይ ነበር። ወደ አዲሱ በር አዛወርነው። እንግዳው ሁሉ ሪባኑ ተቆርጦ በዚያው በር እንዲገባ አደረግን። ባለቤቷ ስለ በሩ ሲናገሩ ሰሚው ገብቶበታል፣ በእጁም ነክቶታል። ወንበሩንም ጀርባው ለበሩ እንዲሆን አስደረደርን። ዘወር ቢል ያየዋል።

2. ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምግቡን ከንግግሩ ጋር አስታርቁ

የሬስቶራንት ምረቃ ከሌላ ምረቃ የሚለየው በዚህ ነው። የትምህርት ቤት ምረቃ ላይ ንግግር ቢረዝም ሰው ይሰለቻል። እዚህ ግን ንግግር ሲረዝም ምግቡ ይበላሻል። ጥብስ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋል። እንጀራ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ዳር ዳሩ ይደርቃል። የተጠበሰ አሳ ሲቆይ መጀመሪያ የነበረው ጥርት ያለ ቅርፊት ይለሰልሳል። እንግዳው ስለ ምግባችሁ ጣፋጭነት አሥር ደቂቃ ሰምቶ የቀዘቀዘ ነገር ከጎረሰ የሚያምነው ምላሱን ነው።

ስለዚህ ቀኑን ስትመርጡ ጾሙን አስቡ። ረቡዕና ዓርብ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጾም ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ሲቀሩ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይጾማል። ረመዳን ውስጥ የምሳ ምረቃ መጥራት ደግሞ ሙስሊም ጎረቤትን አትምጣ እንደማለት ነው። የእኛው ቀን ከነዚህ ሁሉ ውጪ የሆነ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቢሆንም በራሱ ምክንያት የሚጾም ሰው አይጠፋም። ስለዚህ የጾም ማዕድ ይኑር።

ጥሪው ላይ 4 ሰዓት ብለን ጻፍን። ሰው የሚሰበሰበው ግን 5 ሰዓት ገደማ እንደሆነ እናውቃለን። ሪባኑ 5 ሰዓት ተኩል፣ ማዕዱ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እንዲሆን ተስማማን። በመሀል የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሰው በአዲሱ በር ይገባል፤ ይቀመጣል። አባቶች ይባርካሉ። ባለቤቷ ይናገራሉ። የክብር እንግዳው ይናገራሉ። ድፎው ይቆረሳል። ምሳ ይበላል። በቃ። የኮንትራክተሩ ሪፖርት፣ የስጦታ ርክክብ፣ የግጥም ንባብ የሚባሉትን አስወጣን። ስጦታው ከምሳ በኋላ በቡና ሰዓት ተሰጠ። ማንም ቅር አላለውም።

ከሼፉ ጋር ደግሞ አንድ ምልክት ተስማማን። በንግግሩ መሀል «ይህን ቤት ለብቻዬ አልሠራሁትም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አስተናጋጇ ያንን ስትሰማ ወጥ ቤት ገብታ ትናገራለች። ጥብሱ እሳት ላይ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በኋላ የባለቤቷ ንግግር አንድ ደቂቃ ተኩል ይቀረዋል። የክብር እንግዳው አምስት ስድስት ደቂቃ ይናገራሉ። ዳቦው እስኪቆረስ ሌላ አምስት ደቂቃ ነው። ተደምሮ ለጥብስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይህን ስታደርጉ ንግግሩ ከወረቀቱ መውጣት የለበትም። ባለቤቱ በመሀል ሌላ ታሪክ ከጨመረ ወጥ ቤቱ ይከስራል።

3. የሚጠራውን ማዕረግ ጠዋት አረጋግጡ

የንግግር መክፈቻ ላይ የሚፈጸም ስህተት አይረሳም። ከንቲባው ይመጣሉ ተብሎ «ክቡር ከንቲባ» ብላችሁ ስትጀምሩ ፊት ለፊት የተቀመጡት ተወካያቸው ቢሆኑስ? ተወካዩም ያፍራሉ፣ እናንተም ታፍራላችሁ። መፍትሔው የዕለቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጽሕፈት ቤቱ መደወል ነው። ያም ሆኖ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ይቀየራል። ስለዚህ እኛ «ክቡር የዕለቱ የክብር እንግዳችን» ብለን ጻፍነው። ማንም ቢቀመጥ ይሠራል። ሙሉ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን እኔ መድረክ ላይ ስጋብዛቸው እላለሁ፤ በዚያ ሰዓት በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

የሃይማኖት አባቶችን ማዕረግ በግምት አትጥሩ። ብፁዕ የሚባሉት ጳጳስ ናቸው። ቆሞስ፣ ቀሲስ፣ መልአከ የሚሉት የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ሼህና ሐጂም አንድ አይደሉም። እያንዳንዳቸውን ይዟቸው የሚመጣውን ሰው «እንዴት ብለን እንጥራቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

የመጥሪያውን ዝርዝር ከአራት ወይም ከአምስት ወገን አታሳልፉ። የክብር እንግዳ፣ የሃይማኖት አባቶችና የሀገር ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ ደንበኞች። አሥራ ሁለት መሥሪያ ቤት በስም ከጠራችሁ አሥራ ሦስተኛው ይቀየማል። ማንንም በተናጠል ካልጠራችሁ የሚቀየም የለም።

የምርቃቱንም ልክ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሁለቱም ወገን አባቶች ካሉ ለየአንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ገደማ ብላችሁ በአክብሮት ብትነግሯቸው ይስማማሉ። የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ማንም ስላልነገራቸው ነው።

4. ርዝመቱን በደቂቃ ወስኑ፤ ከዚያ ጻፉ

ስብሰባ ፊት ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በደቂቃ ከ80 እስከ 90 የአማርኛ ቃል እንደሚል ደጋግሜ ሰዓት ይዤ ለክቻለሁ። አራት ደቂቃ ማለት እንግዲህ ከ320 እስከ 360 ቃል ነው። በእጅ ጽሑፍ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። የወንድማቸው ልጅ የጻፈው ሦስት ገጽ በኮምፒውተር የተተየበ፣ መስመሩም ጥቅጥቅ ያለ ነበር። ተነቦ ሲያልቅ 13 ደቂቃ ፈጀ።

የጻፍነው ይህ ነው። ሙሉውን አስቀምጬዋለሁ፤ ምክንያቱን ከሥር እነግራችኋለሁ።

«ክቡር የዕለቱ የክብር እንግዳችን፣ የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶችና የሀገር ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶቼ፣ ደንበኞቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤት ለእንግዳ።

«ይህ ሆቴል ሲከፈት 12 አልጋ ነበረው። ወጡን የምንሠራው እኔና እህቴ ነበርን። ዛሬ እናንተ የተቀመጣችሁበት ቦታ ያን ጊዜ የማገዶ ማስቀመጫ ነበር።

«በእነዚህ 14 ዓመታት አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ እኛ ጋ ይበላል። ጎረቤቴ ግን በደጄ አልፎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በር ላይ ቆሞ ‹እዚህ ለመብላት አልጋ መያዝ አለብን ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳለ ሰማሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው። መግቢያውን በእንግዳ መቀበያው በኩል ያደረግነው እኛ ነን።

«ስለዚህ ይህን ቤት ስናሠራ ከሁሉ በፊት ያሰብነው በሩን ነው። አሁን የገባችሁበት በር በቀጥታ ከመንገድ ያስገባል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ለመብላት አልጋ መያዝ አያስፈልግም። የት ነህ፣ ወዴት ነሽ የሚላችሁ የለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው።

«የምንኮራበት የጣና አሳ ነው። ጉላሹም፣ ለብለቡም፣ ጥብሱም አለ። የጾም በየዓይነቱ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ይሠራል።

«ይህን ቤት ለብቻዬ አልሠራሁትም። እህቴ እዚህ አለች፤ የዚያን ጊዜውን ጭስ ታስታውሰዋለች። ግንበኞቹ፣ አናጺዎቹ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ዛሬ እንደ እንግዳ ከእናንተ ጋር ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቼ፣ አንድ ዓመት ከስምንት ወር አቧራችንንና ጩኸታችንን ችላችሁናል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሼፋችንና አስተናጋጆቻችን፣ እስቲ ብቅ በሉ። ከነገ ጀምሮ የሚያስተናግዷችሁ እነዚህ ልጆች ናቸው።

«አሁን የክብር እንግዳችንን እንሰማለን። ከዚያ ዳቦው ይቆረሳል፣ ምሳ እንበላለን። በመስኮቱ በኩል የክርስቲያን ሥጋ ነው። በግድግዳው በኩል የሙስሊም ሥጋ ነው። የጾሙ መሀል ላይ ለብቻው ነው። አሳው ከበሩ አጠገብ ነው። ከምሳ በኋላ ቡና አለ፤ አትቸኩሉብኝ።

«ቤቱ የእናንተ ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ።»

አሁን ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የማገዶ ማስቀመጫው የገባው ሰሚው ቦታውን ስለሚያውቀው ነው። የሰፈር ሰው ያንን ጥግ ያስታውሳል። «ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ» ብትሉ ማንም ምንም አያይም። «የተቀመጣችሁበት ቦታ የማገዶ ማስቀመጫ ነበር» ስትሉ ሰው ወለሉን ይመለከታል። እናንተም ከሕንጻው ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ አንድ ይበቃል።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚለው ላይ ትንሽ ተከራክረናል። «በምረቃዬ ቀን ጥፋት ላወራ ነው?» አሉኝ። እኔ ግን አጥብቄ ያዝኩት። የሰፈሩ ሰው 14 ዓመት ያልገባው በራሱ ዓይን አፋርነት እንደሆነ አድርጎ ያስባል። ባለቤቷ በራሳቸው አፍ ሲወስዱለት ይቀለዋል። በመጨረሻ እሺ አሉ። ዕለቱን ጸጥ ተብሎ የተሰማው ዓረፍተ ነገርም እሱ ነበር።

ምስጋናው አጭር ቢሆንም ያየነው ነገር አለበት። ጎረቤትን «ላሳያችሁት ትዕግሥት» ብሎ ማመስገን አንድ ነገር ነው። አቧራውንና ጩኸቱን በስሙ መጥራት ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ሰው መታየቱን ያውቃል። ሠራተኞቹ በአካል እንዲወጡ ያደረግነው ደግሞ ነገ የሚመጣ ሰው የሚያውቀው ፊት እንዲኖር ነው።

ማዕዱ የት እንዳለ በንግግር መናገሩ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ሀገር ግን ትንሽ አይደለም። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ካልተለየ፣ ወይም ተለይቶ ካልተነገረ፣ ሰው ሳህን ይዞ ቆሞ ይጨነቃል። የሚያፍር ሰው ሳይበላ ይሄዳል። ባለቤቷ ከተናገሩት በኋላ እየጠየቀ የሚዞር የለም። ጽሑፍም ይለጠፍ፣ ጭልፋውም የየራሱ ይሁን።

አሳውን ከጾሙ ማዶ ያስቀመጥነው አስበንበት ነው። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በብዙ ቤት ያከራክራል። አባቶች ፊት ቆሞ «የጾም አሳ» ማለት ያልተጠየቃችሁትን ክርክር መክፈት ነው። አሳ በሉት፣ ጾም አትበሉት።

5. ከወረቀቱ የሚወጡ ነገሮች

ወጪው ይውጣ። «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ፈሰስ ተደርጎበት» የሚለው ለጋዜጠኛ ይጠቅማል። ጋዜጠኛ ከጠራችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ወጪውን፣ የወንበሩን ብዛት፣ የተቀጠረውን ሰው ቁጥር ጽፋችሁ ስጡት። ለሰፈር ሰው ግን ትልቅ ገንዘብ በሰማ ቁጥር ምግቡ ውድ መሆኑ ነው የሚገባው። በሩን ከፍታችሁ በገንዘቡ መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ።

ኮከብም ይውጣ። ለሆቴል ኮከብ የሚሰጠው በመንግሥት ምዘና ነው። ያልተመዘነ ቤት «የባለ አምስት ኮከብ ደረጃ ያለው» ቢል የሚሰማው ሰው መካከል የሚያውቅ አይጠፋም።

ዋጋ ከጠራችሁ የመጨረሻውን ዋጋ ጥሩ። ሜኑ ላይ 300 ብር የተጻፈ አሳ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 380 ብር ሊጠጋ ይችላል። ባለቤቱ በማይክ «300 ብር ብቻ» ብሎ ነገ 380 የከፈለ ሰው ተታለልኩ ነው የሚለው። እኛ ዋጋ ጨርሶ አልጠራንም። ሜኑውን ሁሉም የተጨመረበት ዋጋ አድርገን አሳትመን በሩ ላይ ለጠፍነው። የሚያልፈው ሰው ሳይገባ ዋጋውን ያየዋል።

ያልተጻፈ ስጦታ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። አንድ ሌላ ምረቃ ላይ መድረክ እየመራሁ ባለቤቱ ጭብጨባው ሞቅ ሲልላቸው «ይህን ሳምንት ሁሉም ነገር በግማሽ ዋጋ!» አሉ። ካሸሯ አልሰማችም። አስተናጋጆቹም አልተነገራቸውም። ማታውኑ የመጣ ሰው ሙሉ ሒሳብ ተጠየቀ። «ባለቤቱ በማይክ ብለዋል» «እኔ የማውቀው የለም» እየተባለ በመጀመሪያው ምሽት ጭቅጭቅ ሆነ። ቅናሽ የምታደርጉ ከሆነ ቀኑንና ምግቡን ለይታችሁ፣ ካሸሯ ጋ በወረቀት ደርሶ፣ ከዚያ ይነገር።

ሼፉን ሳትጠይቁም የምግብ ስም አትጥሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ቤቱ ገና እጁን አልፈታም። የወንድማቸው ልጅ ረቂቅ ላይ ፒዛም ነበረበት። ሼፉን ስንጠይቀው ምድጃው ገና እንዳልተገጠመ ነገረን። ሰረዝነው።

6. ልምምዱ እዚያው አዳራሽ ይሁን

ሳሎን ተቀምጦ ማንበብ ልምምድ አይደለም። አዲስ ሬስቶራንት ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው መስታወት ነው። መጋረጃው ብዙ ጊዜ ገና አልተሰቀለም። ድምፅ እየነጠረ ይመለሳል፣ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ይህን የምታውቁት እዚያው ቆማችሁ ስትናገሩ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ድምፅ መጨመር አይደለም፤ ያባብሰዋል። ስፒከሩን ዝቅ አድርጉና ከሁለቱም ጎን ወደ ሰው አዙሩት። ተናጋሪው ደግሞ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ትንፋሽ ይውሰድ።

ስትለማመዱ የወጥ ቤቱን ጭስ መሳቢያ አስበሩት። እኛ ይህን ባናደርግ ጉድ ይሆን ነበር። መሳቢያው ሲበራ የኋላ ረድፍ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ባለቤቷ ተናግረው እስኪጨርሱ በዝቅተኛው ፍጥነት እንዲሠራ፣ የቡና ማሽኑም እንዳይነካ ተስማማን። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግም ተለማመዱ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስንት ሰከንድ ይወስዳል? የእሳቸው 20 ሰከንድ ገደማ ነበር። ያን ያህል ዝም ብሎ ፈገግ ብሎ መቆም ይቻላል። ያልተለማመደ ሰው ግን ይጮሃል፣ ወይም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ወረቀቱን በትልቅ ፊደል አሳትሙት። በአንድ ገጽ ከ12 መስመር አይብለጥ። ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር። ገጽ ቁጥር ይኑረው፤ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወደቀ ያለ ቁጥር አይሰበሰብም። ባለቤቷ በቃሌ ልያዘው ብለው ነበር። መክፈቻውንና መዝጊያውን ብቻ በቃል እንዲይዙ፣ ሌላውን እንዲያነቡ መከርኳቸው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሰው ዓይን ማየት አለባቸው። መሀል ላይ ወረቀት ቢያዩ ማንም አይታዘብም።

እኔ ያለማመድኳቸው አራት ጊዜ ነው። ሦስተኛው ላይ እህታቸውን ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረ። «ይሄን እናውጣው» አሉኝ። አላወጣነውም። ከዚያ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር ተውን። ውሃም በቀኝ እጃቸው በኩል አስቀመጥን። ድምፅ ሲሰበር ቆም ብሎ ውሃ መጎንጨት ይበቃል። ይቅርታ መጠየቅም አያስፈልግም።

7. በዕለቱ

የክብር እንግዳው ቢዘገዩስ? ይዘገያሉም። እኛ ገደብ አበጀን። እስከ 6 ሰዓት ከሩብ እንጠብቃለን። ከዚያ ካለፈ ሪባኑን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይቆርጣሉ፤ የክብር እንግዳው ሲመጡ ዳቦውን ይቆርሳሉ። እሳቸውን ሳያሳፍር ሰውንም ሳያስርብ ያልፋል። እስከዚያው ቆሎና ለስላሳ ይዙር። የእኛው እንግዳ ዘግይተው ነበር፤ ግን ገደቡ ሳይደርስ መጡ።

ንግግሩ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ፈጀ። ጥብሱ ሲንጫጫ ወጣ። አንድ ያልተዘጋጀንበት ነገር ግን ነበር። የሙስሊም ሥጋ በግድግዳው በኩል ብለን ነበር፤ ሁለት ግድግዳ አለ። ጥቂት ሰዎች ወደ ተሳሳተው ጎን ሄደው ተመለሱ። ስለዚህ አቅጣጫ ስትነግሩ በእጅ ጠቁሙ፣ ወይም እዚያ ጋ የቆመውን ሰው «እጅህን አንሳ» በሉት።

ተናግራችሁ ስትጨርሱ ከክብር እንግዳው ጋር ተቀምጣችሁ አትቅሩ። ምሳው ሲገባደድ ተነስታችሁ አዲሱ በር ጋ ቁሙ። ሰው ሲወጣ እጁን ያዙ፣ ስሙን ጠይቁ። እትዬ እዚያ 40 ደቂቃ ያህል ቆሙ። ከወጡት መካከል ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነበር። «ሰኞ ከልጆቼ ጋር ለቁርስ እመጣለሁ፤ በየትኛው በር ነው?» አላቸው። «አሁን በምትወጣበት» አሉት።